በ10 ደቂቃና በ6 ስላይድ፦ የማስተርስ ዲፌንስ መክፈቻን ከግኝቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ስለ ማዘጋጀት

የትምህርት ክፍላችን ለቴሲስ ዲፌንስ ያወጣው መመሪያ አጭር ነበር። የተማሪው መክፈቻ ገለጻ ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ስላይዱ የርዕሱን ገጽ ጨምሮ ከ6 እንዳይበልጥ፣ ቀሪው ጊዜ ለፈታኞች ጥያቄ እንዲተው ያዝዛል። እኔ በዚያን ጊዜ የ20 ደቂቃ ገለጻ አዘጋጅቼ 23 ስላይዶች ነበሩኝ። መመሪያው ሲደርሰኝ ያደረግሁት ነገር ፊደሉን ማሳነስና ሦስት አራት ስላይዶችን በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ነበር። ስድስቱ ስላይዶች ሞሉ፣ እኔም ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

በዚያ መልክ ያዘጋጀሁትን ገለጻ አማካሪዬ ፊት ቆሜ አቀረብሁ። እርሳቸው ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በዝምታ ካዳመጡ በኋላ በወረቀታቸው ላይ አንዲት ቁጥር ብቻ ጽፈው አሳዩኝ፤ 7፡20 ትላለች። «ከርዕሱ ላይ ያላነበብሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኸኝ በሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ በፊት የተናገርሁት ሁሉ የጉዳዩን ዳራ፣ የሌሎች አጥኚዎችን ሥራና የዓላማዎቼን ዝርዝር የሚመለከት ነበር። የራሴ ግኝት የደረሰው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ብቻ ሲቀር ነው፤ እርሱንም በጥድፊያ ስለ ተናገርሁት ያደመጠኝ ሰው ይዞት የሚወጣ አልነበረም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ከዚያ ወዲህ የብዙ ተማሪዎችን ልምምድ ስከታተል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቴሲስ የሚጻፈው በምዕራፍ ቅደም ተከተል ስለሆነ ገለጻውም በዚያው ቅደም ተከተል ይዘጋጃል። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ደግሞ ለመናገር የሚቀሉት ናቸው። በዳራውና በተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳ ውስጥ ያለው ነገር ሌሎች ያረጋገጡት በመሆኑ ማንም አይሞግትበትም፤ የተጨነቀ ተናጋሪ ሳያውቀው እዚያ ይቆያል። የ10 ደቂቃ ገለጻ ግን አድማጮቹ እነማን እንደሆኑ መርሳት የለበትም። ፈታኞቹ ጽሑፉ ከሳምንታት በፊት ተልኮላቸው፣ ጥያቄያቸውን በኅዳጉ ላይ ጽፈው የመጡ ናቸው። ዳራውን አንብበውታል። ከተማሪው አፍ መስማት የሚፈልጉት ምን ጠይቆ ምን እንዳገኘ፣ ባገኘውም ላይ ምን ያህል እንደሚተማመን ነው። ውይይታቸውንም የሚጀምሩት ገለጻው ካቆመበት ቦታ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማሳየት የራሴን ጥናት በጥቂቱ ላብራራ። የጥናቴ ጉዳይ በውሃ ማከፋፈያ ቧንቧዎች ስንጥቅ የሚባክነው ውሃና የመስመሩ ግፊት ያላቸው ዝምድና ነበር። በአንድ ሠፈር የሚገባውን ውሃ በአንድ መለኪያ ብቻ እንዲያልፍ ካደረግን፣ ሰው ሁሉ በሚተኛበት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚታየው ፍሰት አብዛኛው ብክነት ነው ተብሎ ይወሰዳል። ጠንካራ ጠርዝ ባለው ቋሚ ቀዳዳ የሚወጣ ውሃ የግፊቱን ስኩዌር ሩት ይከተላል፤ ይኸውም ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስ የሚወጣው ውሃ የሚቀንሰው በ29 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ በርዝመቱ የተሰነጠቀ ስንጥቅ ግን ግፊት ሲጨምር ይከፈታል፣ ግፊት ሲቀንስ ይጠባል። ስለዚህ ግፊትን መቀነስ የሚያስገኘው ጥቅም ከዚያ ይበልጣል። እኔ የጠየቅሁት፣ አብዛኛው መስመሩ ፕላስቲክ በሆነ አንድ ሠፈር በሌሊት ግፊቱን ደረጃ በደረጃ ብንቀንስ ብክነቱ የትኛውን መንገድ ይከተላል የሚለውን ነበር። መልሱም ከስኩዌር ሩቱ ሕግ በግልጽ የራቀ፣ ከግፊቱ ጋር እኩል በእኩል ወደ መቀነስ የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

አማካሪዬ ሁለተኛውን ረቂቅ ከመጨረሻው እንድጀምር አዘዙኝ። መጀመሪያ ስላይድ ሳልከፍት ግኝቱን በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ፦ «በዚህ ሠፈር የሌሊት ግፊት ሲቀንስ ብክነቱ ቋሚ ቀዳዳን ታሳቢ ያደረገው ቀመር ከሚተነብየው በላይ ይቀንሳል።» ቀጥሎ፣ ጽሑፌን ያላነበበ ግን ምህንድስና የሚያውቅ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲረዳው፣ ከተረዳውም በኋላ እንዲያምነው ምን ማወቅ አለበት ብዬ ጠየቅሁ። ሦስት ነገሮች ብቻ ወጡ። የሌሊት ፍሰት ለምን ብክነት ተብሎ እንደሚወሰድ፣ ቀመሩ ምን እንደሚተነብይ፣ እኛ ግፊቱን እንዴት እንደቀየርንና እንደለካን። ለእነዚህ ለሦስቱ የማያስፈልግ ነገር ሁሉ፣ ምንም ያህል የደከምሁበት ቢሆን፣ ከ10 ደቂቃው ወጣ። ሁለተኛው ምዕራፌ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተተካ።

የስድስቱ ስላይዶች አደረጃጀት በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። የርዕሱ ስላይድ 30 ሰከንድ ተሰጠው፤ ሰላምታ ካቀረብሁ በኋላ ርዕሱን ከማንበብ ይልቅ ጥያቄውን በተራ ቋንቋ ተናገርሁበት። ሁለተኛው ስላይድ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ የሌሊት ፍሰትን ሐሳብና የቀመሩን ትንበያ በአንድ ሥዕል አሳየ። ሦስተኛው ለዘዴው ሁለት ደቂቃ ወሰደ። አራተኛው ዋናው ግኝት ሲሆን ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበረው። አምስተኛው ግኝቱን የሚያጠናክር ሁለተኛ ማስረጃ፣ ስድስተኛው ውስንነቱና የጥናቱ ፋይዳ ሆነው እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ተመደበላቸው። ድምሩ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ነው። የቀረችውን ግማሽ ደቂቃ ሆን ብዬ ባዶ ተውኋት፤ የፕሮጀክተር መዘግየት ወይም የሰብሳቢው አንዲት ቃል ይበላታልና። በዚህ አሠራር ዋናው ግኝት በአራተኛው ደቂቃ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ከጠቅላላው ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠውም ለራሴ ሥራ ይቀራል።

በብዙ ቦታ ዋና ዓላማና ዝርዝር ዓላማዎች ተዘርዝረው ካልታዩ ቅር የሚላቸው ፈታኞች አሉ፤ መመሪያው ካስገደደ በሁለተኛው ስላይድ ግርጌ በትንሹ ማስፈርና ሳያነቡ ማለፍ ይቻላል። ጮክ ብሎ ማንበብ ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይወስዳል፣ ለሰሚውም የሚጨምርለት ነገር የለም።

በሁሉም ስላይዶች አናት ላይ «ዘዴ» ወይም «ውጤት» የሚል ነጠላ ቃል መጻፉን ትቼ ስላይዱ የሚለውን ነገር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ። የአራተኛው ስላይድ ርዕስ «ብክነቱ ከቀመሩ ትንበያ በላይ ቀንሷል» የሚል ነበር፤ ከሥሩ ያለው አንድ ግራፍ ብቻ ነው። ይህ ልማድ ስላይድ ሲገደብ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ርዕሱ ዓረፍተ ነገር መሆን እምቢ ካለ ስላይዱ ሁለት ሐሳብ ይዟል ወይም ምንም ሐሳብ የለውም ማለት ነውና ለይቶ ለማውጣት ያመቻል። እኔ ይህን ሳደርግ አንድ ስላይድ ሙሉ በሙሉ ወደቀ። የመለኪያ መሣሪያዎቼን ፎቶግራፍ የያዘ ሲሆን ምን እንደሚል መጻፍ አቃተኝ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የዘዴው ስላይድ ነው። ተማሪው የሠራውን ሁሉ በቅደም ተከተል ለመናገር ይሞክርና ሁለቱ ደቂቃዎች በአምስት ሳጥኖችና በቀስቶች መካከል ያልቃሉ። ፈታኝ ግን ስለ ዘዴ ሲሰማ በልቡ የሚፈልገው፣ ሌላ ሊመረጥ ይችል የነበረበትንና ውጤቱን ሊለውጥ የሚችለውን ውሳኔ ነው። በእኔ ጥናት ያ ውሳኔ ግፊቱን የቀየርንበት መንገድ ነበር። የተለያየ ግፊት ያላቸውን ሠፈሮች እርስ በርስ ማወዳደር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሠፈሮቹ በቧንቧ ዕድሜም በቤት ብዛትም ይለያያሉ፣ ልዩነቱ ከግፊቱ መጣ ማለት አይቻልም። ስለዚህ በአንዱ ሠፈር ላይ፣ መግቢያው ላይ ባለው ግፊት መቀነሻ ቫልቭ በአንድ ሌሊት ውስጥ ግፊቱን በደረጃ ቀነስን። ስንጥቆቹ ያው፣ ቤቶቹ ያው፣ የተለወጠው ግፊቱ ብቻ ነው። ከሁለቱ ደቂቃዎች አንዱን ለዚህ ብቻ ሰጠሁት። የመሣሪያው ዓይነት፣ የንባቡ ድግግሞሽ፣ የተጠቀምሁበት ሶፍትዌር በጽሑፉ ውስጥ አሉ፤ የጠየቀ ይመለስለታል።

በዋናው ግኝት ላይ ደግሞ ግራፉን ከቴሲሱ ገልብጦ መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው። በወረቀት ላይ ያለ ግራፍ አንባቢው ደቂቃዎች ወስዶ የሚያጠናው ነው፤ ስክሪን ላይ ያለው ግን ተናጋሪው እየተናገረ የሚታይ ነው። በቴሲሴ ውስጥ የነበረው ግራፍ ለእያንዳንዱ ሌሊት የተለየ ምልክት፣ በጎኑም ረጅም የምልክት መግለጫ ነበረው። ለስላይዱ እንደገና ሠራሁት። የሁሉም ሌሊት ነጥቦች በአንድ ግራጫ ቀለም ሆኑ፤ አንዳቸውንም አላወጣሁም፣ ምክንያቱም የነጥቦቹ መበታተን ራሱ ማስረጃ ነው። በላያቸው ላይ ሁለት መስመሮች ብቻ ተሳሉ፤ ቀመሩ የሚተነብየው በተቆራረጠ መስመር፣ መረጃው የሚከተለው በደማቅ መስመር፣ ስማቸውም በመስመሮቹ ጫፍ ላይ ተጻፈ።

አነጋገሩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አግድሙ ግፊት መሆኑን፣ ቀጥሎ ቁሙ የሌሊት ፍሰት መሆኑን ተናገርሁ፣ ከዚያም አንዲት ነጥብ አመልክቼ «ይህች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ የግፊት ደረጃ የተለካ ፍሰት ናት» አልሁ። ይህ 20 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ቸኩለው ይህን የሚዘሉ ተማሪዎች መደምደሚያቸውን ሲናገሩ አድማጩ ገና ዘንጎቹን እያነበበ ነው፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ጆሮው ግን ከእነርሱ ጋር አይሆንም። ነጥቧን ካስረዳሁ በኋላ ሁለቱን መስመሮች አነጻጸርሁና ለአፍታ ዝም አልሁ። ሠንጠረዥ አላሳየሁም። ብዙ ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ከሩቅ አይነበብም፣ የሚነበብ ቢሆን እንኳ የቱን ረድፍ ማየት እንዳለበት ለአድማጩ አይነግረውም።

ጥናታቸው በቃለ መጠይቅ ወይም በሰነድ ትንተና ላይ የተመሠረተ ተማሪዎች ይህ የቁጥር ሰዎች ጉዳይ ነው ይሉኝ ነበር። አይመስለኝም። በእነርሱ ዘንድ የግራፉን ቦታ የሚይዘው ከተጠያቂዎች የተወሰደ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ንግግር ነው። መጀመሪያ ተናጋሪው በምን ሁኔታ ላይ ያለ ሰው እንደሆነ ይነገራል፣ ንግግሩ ይነበባል፣ ከዚያ አጥኚው ከንግግሩ ያወጣው ጭብጥና ያ ጭብጥ በሌሎቹ ቃለ መጠይቆች ምን ያህል እንደተደገመ ይብራራል። ስድስት ጭብጥ ያገኘ ሰው ስድስቱንም መዘርዘር የለበትም፤ የጥናቱን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰውን አንዱን አብራርቶ የቀሩትን በስም ቢጠራ ይሻላል።

ስለ ውስንነት የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ «የጊዜና የገንዘብ እጥረት ነበር» በሚል ያልቃል። ይህ ስለ ተማሪው ችግር እንጂ ስለ ግኝቱ አስተማማኝነት ምንም አይናገርም። የሚጠቅመው ውስንነት ግኝቱን ወደ የትኛው አቅጣጫ ሊያዛባው እንደሚችል የሚናገር ነው። የእኔ ትልቁ ድክመት በሌሊት ውሃ የሚጠቀሙ ቤቶች መኖራቸው ነበር። በግምት ቀንሼላቸዋለሁ፤ ግምቱ ግን አንሶ ሊሆን ይችላል። አንሶ ከሆነ፣ ብክነት ብዬ ከያዝሁት ፍሰት ውስጥ ግፊት ቢቀንስም የማይቀንስ ድርሻ ተደብቋል ማለት ነው፤ ይህም እውነተኛው ብክነት እኔ ካሳየሁት ይበልጥ ከግፊቱ ጋር ይቀንሳል ወደሚል ያመራል። ስለዚህ ስሕተቱ መጠኑን ያዛባል እንጂ መደምደሚያውን አይገለብጥም። ይህን በስድስተኛው ስላይድ ላይ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርሁ። ግኝቱ ለአንድ ሠፈር ብቻ መሆኑንና የብረት ቧንቧ ወደሚበዛበት መስመር ሊወሰድ እንደማይችልም ጨመርሁ።

«አመሰግናለሁ» የሚል ስላይድ አላደረግሁም። ስላይድ በተቆጠረበት ቦታ ከስድስቱ አንዱን ለእርሱ መስጠት ውድ ነው፤ ከዚያም በላይ የመጨረሻው ስላይድ በጥያቄው ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ላይ የሚቆየው ነው። ስለዚህ ስድስተኛው ስላይድ በግራ በኩል የዋናውን ግራፍ ትንሽ ቅጂ፣ በቀኝ በኩል ግኝቱን፣ ውስንነቱንና ፋይዳውን በአንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ነበር። ምስጋናውን በአፍ አቀረብሁ። የገጽ ቁጥርም በሁሉም ላይ አደረግሁ፣ ፈታኝ «ስላይድ ሦስት ላይ ያልኸው» ብሎ እንዲጠይቅ ያመቸዋልና።

ከ10 ደቂቃው ያወጣኋቸው ነገሮች አልጠፉም። ለትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ ጽፌ ገደቡ በገለጻው ጊዜ ለሚታዩት ብቻ ወይስ በፋይሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ በገለጻው ለሚታዩት ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። ይህ በየቦታው ስለሚለያይ ሳይጠይቁ መገመት አይገባም። ከስድስተኛው በኋላ አራት ተጠባባቂ ስላይዶች አስቀመጥሁ፤ የሌሊት ተጠቃሚዎችን ግምት፣ የመለኪያውን ትክክለኛነት፣ ሙሉውን ሠንጠረዥና በየሌሊቱ የተለየውን ግራፍ። ቁጥራቸውን በትንሽ ካርድ ላይ ጻፍሁ። በፓወርፖይንት ገለጻ ላይ እያሉ የስላይዱን ቁጥር ጽፎ `Enter` ቢጫኑ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ ፈታኞች ፊት ስላይዶችን ወደፊትና ወደ ኋላ እየገለበጡ ከመፈለግ ያድናል።

ልምምዱን ያደረግሁት ቆሜና ጮክ ብዬ ነው፤ በልብ የሚነበብ ንግግር ሁልጊዜ ከሚነገረው ያጥራል። ድምፄን ቀድቼ ስቆጥር ቴክኒካዊ ነገር ሳስረዳ በደቂቃ ከ95 ቃል አልበልጥም፤ ስለዚህ ለዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ያለኝ አቅም 900 ቃል ያህል ነው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ረቂቄ ከ1,400 በላይ ነበር። በፍጥነት በመናገር የሚሸፈን ልዩነት አይደለም፤ መቁረጥ ብቻ ነበር መፍትሔው። በካርዱ ላይ ከስላይድ ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሁለት የሰዓት ምልክቶች አደረግሁ፦ ግራፉ በ4 ደቂቃ መታየት አለበት፣ ስድስተኛው ስላይድ በ8 ደቂቃ መጀመር አለበት። ብዘገይ ምን እንደምቆርጥም አስቀድሜ ወሰንሁ። የሚቆረጠው አምስተኛው ስላይድ ነው፤ የአንድ ደቂቃ ተኩሉ ንግግር ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወርዳል። ያልወሰነ ሰው ሲዘገይ የሚቆርጠው ሁልጊዜ መጨረሻውን ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ያለው ውስንነቱና ፋይዳው ነው።

በዕለቱ ሰብሳቢው ሰዓቱን ማስላት የጀመሩት የኮምፒውተሩ ገመድ ከፕሮጀክተሩ ጋር ገና በትክክል ሳይገናኝ ነበር። ግራፉ ላይ ስደርስ ሰዓቱ 4፡50 ይል ነበር። ግራፉን ሳላሳጥር አስረድቼ አምስተኛውን ስላይድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍሁና ስድስተኛውን በ7፡40 ጀመርሁ፤ ጨርሼ ስቆም ሃያ ሰከንድ ያህል ቀርቶኝ ነበር። የውጭ ፈታኙ ወረቀታቸውን ገልጠው የመጀመሪያውን ጥያቄ አቀረቡ፦ «የሌሊት ተጠቃሚዎቹን ግምት በእጥፍ ብናደርገው ያ ደማቅ መስመር የት ይሄዳል?» 7 ቁጥርን ጽፌ `Enter` ተጫንሁ፣ ወደ ውይይቱም ገባን።